ዓመቱን በሙሉ ልክፈል ወይስ የቀን ሒሳብ? የፒያሳና የአዘዞ ጂም ሲነጻጸር

መነሻው ጥያቄ

ይህን የኢንተርኔት ውይይት ክር የከፈተችው ጎንደር ከተማ አዘዞ የምትኖር፣ ፒያሳ የምትሠራ ሴት ናት። ያቀረበችው ሁለት ጂም ነው። የፒያሳው በቀን 150 ብር፣ በወር 1,800፣ ለሦስት ወር 4,500፣ ለዓመት 14,400 ያስከፍላል፤ የቀን ከፋይ ካልሆኑ መመዝገቢያ 400 ብር አለ። ሁለተኛው አዘዞ፣ ከቤቷ በእግር አሥር ደቂቃ የሚያስኬድ ነው፤ በቀን 100፣ በወር 1,000፣ መመዝገቢያ የለውም፣ ዕቃው ግን ጥቂት ነው።

የራሷን ስሌትም አስቀምጣለች። ዓመቱ ለ12 ሲካፈል ወሩ 1,200 ብር ይሆናል። በሳምንት አራት ቀን ከሄደች በወር 16 ቀን ነው፤ ስለዚህ አንዱ ቀን በ75 ብር ይወጣላታል፣ ከቀን ሒሳቡ ግማሽ ማለት ነው። ገንዘቡን ከዕቁብ አውጥታ አዘጋጅታለች፤ ከመክፈሏ በፊት ያመለጣት ነገር ካለ እንዲነግሯት ነው የጠየቀችው። መልሶቹን በየተራቸው አስቀምጣቸዋለሁ፤ አንዳንዱን በአጭሩ፣ ከበድ ያለውን ዘርዘር አድርጌ።

1ኛ መልስ

የመጀመሪያው መላሽ በትሕትና ነው የጀመረው። ማካፈሉ ልክ ነው ይላል፤ ችግሩ የሚካፈለውም የሚያካፍለውም ቁጥር ላይ ነው። ከላይ 400 ብር ቀርቷል፣ ስለዚህ የዓመቱ ወጪ 14,800 ነው። ከታች ያለው 16 ደግሞ ጠያቂዋ እሄዳለሁ ብላ ያሰበችው እንጂ የሄደችው አይደለም። እስከ ዛሬ የትም ጂም ሠርታ ከሆነ የመዝገቡን ፊርማ እንድታስቆጥር፣ ቢያንስ የሦስት ወሩን በየሳምንቱ ለይታ እንድታመጣ ጠይቋታል። መዝገብ ከሌለ የቴሌብር ወይም የባንክ መልእክት ይቆጠር ይላል፤ የቀን ክፍያ ስልክ ላይ ይቀራልና። በትውስታ የሚሰጥ ቁጥር ግን አይቀበልም፣ ምክንያቱም ሰው የሚያስታውሰው የሞላለትን ሳምንት ነው።

2ኛ መልስ

ይህኛው ጥያቄውን ሳያነብ የመለሰ ይመስላል። የትኛው ጂም ደረት ለማውጣት እንደሚሻል፣ የትኛው አሠልጣኝ እንደሚቆጣ ይዘረዝራል። ስለ ዋጋ አንድም ቃል የለውም።

3ኛ መልስ

ሦስተኛው ጠያቂዋን እህቴ እያለ የስሌት እርማት ያቀርባል። በሳምንት አራት ቀን ማለት በወር 16 አይደለም፤ ወር አራት ሳምንት ብቻ ሳይሆን 30 ቀን ነው፣ 30 ለ7 ሲካፈል 4.3 ያህል ስለሚመጣ በወር 17 ይሆናል። ስለዚህ አንዱ ቀን ከ75ም ወርዶ ወደ 71 ብር ይጠጋል ብሎ እንድትከፍል አበረታቷታል።

የሒሳቡ ግማሽ እውነት ነው። ወር በእርግጥ ከአራት ሳምንት ይበልጣል። ነገር ግን ሰውየው አንድም ሳምንት የማይጎድልበት ዓመት አስቦ ነው ያሰላው።

4ኛ መልስ

ጠያቂዋ ተመልሳ መጣች፣ የሚያስመሰግን ነገርም ይዛ ነው የመጣችው። ቀደም ብላ የምትሠራበት ሌላ ቤት መዝገብ ስለነበረው የ12 ሳምንት ፊርማዋን ቆጥራለች። በየሳምንቱ ሲቀመጥ እንዲህ ነው፦ 4፣ 4፣ 3፣ 3፣ 3፣ 2፣ 3፣ 2፣ 1፣ 2፣ 1፣ 1። ድምሩ 29 ነው። በአማካይ በሳምንት 2.4 ቀን ሆነ፤ አራት ቀን የሄደችው የመጀመሪያዎቹን ሁለት ሳምንታት ብቻ ነው።

5ኛ መልስ

ከዚህ ላይ ነው ክሩ የከበደው። መላሹ በትምህርት ቤት ሒሳብ የሚያስተምሩ ሰው መሆናቸው ከአጻጻፋቸው ያስታውቃል፤ ሌሎቹም ጋሼ እያሉ ነው የሚጠሯቸው። እሳቸው ከዋጋው አልተነሡም፤ መጀመሪያ የጠየቁት ስንት ቀን ሲኬድ ነው ሁለቱ አከፋፈሎች እኩል የሚሆኑት ብለው ነው። የወሩ 1,800 ያለ መመዝገቢያው ለ150 ሲካፈል 12 ይመጣል፤ በወር 12 ቀን ያልሄደ ሰው በቀን ቢከፍል ይቀለዋል። የሦስት ወሩ 4,500 ያለ መመዝገቢያው 30 ቀን፣ ከመመዝገቢያው ጋር 33 ቀን ይፈልጋል። የዓመቱ 14,800 ደግሞ 99 ቀን። ይህ 99 ለ52 ሳምንት ሲካፈል በሳምንት ሁለት ቀን አይሞላም፣ ስለዚህ ላይ ላዩን ሲታይ 2.4 ቀን የምትሄድ ሴት ዓመቱን ብትከፍል የምታተርፍ ይመስላል።

ጋሼ ግን 52ቱ ሳምንት እኩል አይደለም ብለው ዓመቱን በጎንደር አቆጣጠር ሸነሸኑት። ዐቢይ ጾም 55 ቀን ነው፣ ስምንት ሳምንት ያህል። ጠያቂዋ እንደምትጾም ስለተናገረች በሳምንት አንድ ቀን ብቻ ያዙላት፣ ስምንት ቀን። ፍልሰታ ሁለት ሳምንት፣ በዚያው ልክ ሁለት ቀን። ለጥምቀት ሰሞን፣ ለዘመን መለወጫ፣ ለለቅሶና ለገጠር ጉዞ፣ እንዲሁም መንገድ ለሚዘጋበት ቀን በድምሩ አራት ሳምንት ባዶ አደረጉ። የቀረው 38 ሳምንት ነው፤ በ2.4 ሲባዛ 91 ቀን። ሁሉም ሲደመር 101 ቀን መጣ። 14,800 ለ101 ሲካፈል አንዱ ቀን 146 ብር ከ50 ሳንቲም ያህል ይወጣል። በቀን ብትከፍል 150 ነበር። ዓመት ሙሉ የምታተርፈው 350 ብር ብቻ ነው፣ ለዚያውም 14,800 ብር ዛሬ ቆጥራ ሰጥታ።

ከዚያ ወደ መዝገቡ ተመለሱ። ከ12ቱ ሳምንት የመጨረሻዎቹ ስድስት ብቻ ቢወሰዱ ድምሩ 10 ነው፣ በሳምንት 1.7 ቀን እንኳ አይሞላም። በዚህ ልክ 38ቱ ሳምንት 63 ቀን፣ ከጾሙ ጋር 73 ቀን ይሰጣል። ያኔ አንዱ ቀን 203 ብር ይሆናል፤ በቀን ከመክፈል 3,850 ብር ያህል ትከስራለች ማለት ነው። አማካዩ መውረዱን ይሸፍነዋል ብለዋል። 4፣ 4፣ 3 እያለ ጀምሮ 2፣ 1፣ 1 ብሎ የጨረሰ ሰው ቀጣዩ ሳምንቱ 2.4 ነው ብሎ ማሰብ አይችልም።

በእኔ ግምት በዚህ ክር ውስጥ በጣም የሚጠቅመው ነጥብ ይህ ነው። ሌላው ሁሉ ስለ ዋጋ ሲከራከር እሳቸው የሳምንቶቹን ቅደም ተከተል አዩ።

6ኛ መልስ

ከማራኪ አካባቢ የጻፈች፣ ስለ ምጣኔ ሀብት እንደምታውቅ የሚያስታውቅባት መላሽ ይህ የጎንደር ሰው ጠባይ ብቻ አይደለም አለች። በ2006 እ.ኤ.አ. የታተመ የሁለት ተመራማሪዎች፣ የዴላቪኛና የማልመንዲየር ጥናት አሜሪካ ውስጥ በሦስት ክለቦች የ7,752 አባላትን የዕለት መገኘት ተከታትሎ ነበር። በወር ከ70 ዶላር በላይ የሚከፍሉት አባላት በአማካይ በወር የሄዱት 4.3 ጊዜ ነው፤ ስለዚህ አንዱ ቀን ከ17 ዶላር በላይ ወጣባቸው፣ በዚያው ቤት የአሥር ጊዜ ካርድ ቢገዙ ግን አንዱ በ10 ዶላር ይሆን ነበር። ነጥቧ ሰዎቹ መደመር አቅቷቸው አይደለም የሚል ነው፤ የሳቱት የነገውን ራሳቸውን ግምት ነው።

7ኛ መልስ

ሰባተኛው ተቆጥቷል። የአሜሪካ ሰው መኪና ይዞ ስለሚዞር ነው የማይሄደው፣ እኛ ዘንድ ብሩን የከፈለ ሰው ብሩ ስለሚያመው ይሄዳል ይላል። አንዴ ዓመቱን ከከፈልሽ ተገደሽ ትሄጃለሽ፣ የቀን ከፋይ ግን ዝናብ ባየ ቁጥር ይቀራል ባይ ነው። ወንድሜ እያለ ቢጀምርም ጋሼን የወረቀት ሒሳብ የሚሠሩ ናቸው እስከ ማለት ደርሷል።

8ኛ መልስ

የማራኪዋ ለዚህ አጭር መልስ ሰጠች። የከፈለ ሰው ብሩ ያመዋል የሚለው እውነት ነው፣ ግን ሕመሙ ይሽራል። በ1998 እ.ኤ.አ. ጉርቪልና ሶማን የሚባሉ ሁለት ተመራማሪዎች የስፖርት ክለብ አባላትን ሲያዩ መገኘቱ ከክፍያው በኋላ ባሉት ወራት ከፍ ብሎ ቀጣዩ ክፍያ እስኪደርስ እየወረደ ይሄድ ነበር። ዓመቱን በመስከረም የከፈለ ሰው በየካቲት ያን ብር ረስቶታል። የሚያስገድድሽን ነገር ከፈለግሽ በወር ክፈይ፣ ዓመቱን በአንዴ አትክፈይ ነው ምክሯ። የሰባተኛውን ስድብ ደግሞ እንዳልሰማች አልፋዋለች፤ ጥሩ አደረገች።

9ኛ መልስ

አንድ ሌላ ሰው ጎሃ ተራራ መውጣት ነጻ ነው፣ ለምን ብር ታወጣላችሁ ብሎ ገባ።

10ኛ መልስ

ለእሱ የመለሰችው ሴት በክረምት ጭቃውን፣ ማታ ደግሞ ጭርታውን አስታወሰችው። ለወንድ ነጻ የሆነ መንገድ ለሴት ነጻ አይደለም ብላ ቁርጥ አድርጋ ጨረሰች። ከዚህ በኋላ አራት አምስት ሰው ስለ ሩጫ ጫማ አወራ፣ ቁጥራቸውን ዘልዬዋለሁ።

15ኛ መልስ

ይህ መላሽ ስለ ትራንስፖርት ነው ያነሣው፣ ሌሎቹ ሲሳሳቱበት የቆዩትን ነገር አስተካክሎም ነው። ከእሱ በፊት አንዱ የወሩን የታክሲ ወጪ ከአባልነቱ ጋር ደምሮ ለቀኖቹ አካፍሎት ነበር። ያ ስህተት ነው ይላል። አባልነት ሄድሽም ቀረሽም የሚከፈል ስለሆነ ለቀኖቹ ይካፈላል፤ ታክሲ ግን የሚከፈለው የሄዱ ዕለት ብቻ ስለሆነ ከተካፈለ በኋላ በእያንዳንዱ ቀን ላይ ይደመራል። ካልሆነ ብዙ የሄደ ሰው ታክሲው የቀነሰለት ይመስለዋል።

ሁለተኛ፣ የሚቆጠረው ለጂሙ ብሎ የወጣው ብቻ ነው። ጠያቂዋ በሥራ ቀን ፒያሳ ናት፤ ከሥራ ወጥታ በእግር ትገባለች፣ ተጨማሪ ታክሲ የለባትም፣ ወደ አዘዞ የሚመልሳትን ጂም ባትገባም ትከፍለዋለች። ቅዳሜ ግን ለጂም ብቻ ከአዘዞ ደርሶ መልስ ስለምትመጣ፣ 40 ብር ብላ ራሷ የጻፈችው በሙሉ በዚያ ቀን ላይ ይጫናል። ቅዳሜ የቀን ሒሳብ ብትከፍል 190 ብር ሆነ ማለት ነው፤ በአንጻሩ የአዘዞው 100 ብር ብቻ።

ሦስተኛውን ነገር ጠያቂዋም አላሰበችውም። ማታ ከ1 ሰዓት በኋላ ስትወጣ ታክሲ ከጠፋና ባጃጅ ኮንትራት ከያዘች፣ ያቺ አንዲት ቀን ከሳምንቱ ሁሉ በላይ ታስወጣታለች። ስለዚህ ዋጋው የሚወሰነው በምትገባበት ሰዓት ጭምር ነው። እስከ ስንት ሰዓት ሠርታ መውጣት እንዳለባት ካላወቀች የቀረው ስሌት ሁሉ ልክ አይመጣም ብሎ ነው የጨረሰው።

16ኛ መልስ

ጠያቂዋ አመስግና አንድ ጥያቄ ጨመረች። ዓመቱን ከከፈልኩ በኋላ ቅዳሜ ፒያሳ ልምጣ ወይስ አዘዞ በ100 ብር ልሥራ? አንዱ ቀን 146 ብር ስለሆነብኝ የአዘዞው አይሻልም? አለች።

17ኛ መልስ

ጋሼ ተመለሱ። 146ቱ ከመክፈል በፊት የሚያገለግል ቁጥር ነው፣ ከከፈሉ በኋላ ግን ለዛሬው ውሳኔ ምንም አይነግርም አሉ። 14,800ው ከእጅ ወጥቷል፤ ቅዳሜ ፒያሳ መምጣት የሚጨምርባት የታክሲውን 40 ብር ብቻ ነው፣ አዘዞ መሥራት ደግሞ 100 ብር። ስለዚህ የከፈለች ሴት ፒያሳ ትሂድ፤ ያልከፈለች ሴት አዘዞ ትሂድ። ሁለቱን ማደባለቅ ነው ሰውን የሚያሳስተው።

18ኛ መልስ

ፒያሳ አካባቢ ባለ አንድ ጂም መዝገብ ላይ እንደሚቀመጥ የተናገረ ወጣት ነው፤ የቤቱን ስም አልጠራም። የጻፈው ከስሌት ይልቅ ከመክፈል በፊት የሚጠየቁትን ነው። በመጀመሪያ ዋጋው ቫት ያለው ወይስ የሌለው መሆኑ። ቃል ላይ 14,400 የተባለ ዋጋ 15 በመቶ ከተጨመረበት 16,560 ይሆናል፣ የቀኑ 150 ግን ብዙ ጊዜ ያው ነው፤ ያኔ ማካካሻው ከ99 ቀን በላይ ይወጣል። ቀጥሎ ወሩ ከከፈሉበት ቀን ይጀምራል ወይስ ከወሩ 1 ቀን የሚለው። በ20 ከፍሎ በ30 ያለቀበት ሰው አይቷል። ጳጉሜን ማን ይከፍላል የሚለውም አለ፤ አንዳንዱ ቤት ዓመት የሚለው አሥራ ሁለት ሠላሳ ቀን ነው፣ አምስቱ ቀን ለብቻው ይጠየቃል።

ከሁሉ በላይ ግን መመዝገቢያው መቼ እንደሚሞት ጠይቁ ይላል። ብዙ ሰው በጾም ወር አቋርጦ ከፋሲካ በኋላ ሲመለስ እንደ አዲስ መመዝገቢያ ይጠየቃል፣ በር ላይ ጠብም የሚነሣው በዚህ ነው። ለጾም አባልነቱን ማስቆም ይቻል እንደሆነ፣ ከተቻለም ቀኑ ከኋላ ይጨመር እንደሆነ በደረሰኙ ጀርባ ላይ አጽፉ ብሏል። በቃል የተፈቀደ ነገር ተረኛው ሲቀየር አብሮ ይጠፋል።

ይህ ልጅ ስሌት ባይሠራም የጻፈው ነገር በር ላይ ከቆመ ሰው ብቻ የሚገኝ ነው።

19ኛ፣ 20ኛ እና 21ኛ መልስ

እዚህ ላይ ወሬው ወደ ጾም ዞረ። አንዱ ጾም ስፖርት አይከለክልም፣ ሰበብ ነው አለ። ሌላው እስከ 9 ሰዓት ሳይቀምስ የዋለ ሰው ብረት ሊያነሣ አይገባም አለ። ሁለቱም ድምፃቸውን ከፍ አደረጉ። ሦስተኛው፣ ሙስሊም መሆኑን የገለጸ መላሽ፣ ለክርክሩ መልስ ሳይሰጥ ለስሌቱ የሚረዳ ነገር አቀበለ፦ ረመዳን በየዓመቱ 11 ቀን ያህል ቀደም ብሎ ስለሚመጣ ባዶውን ወር ባለፈው ዓመት ቦታ ላይ ማስቀመጥ አይቻልም፤ የሦስት ወር ካርድ የሚገዛ ሰው ቀን መቁጠሪያውን ከፍቶ ካርዱ በጾሙ ላይ እንዳይወድቅ አድርጎ ይግዛ።

24ኛ መልስ

የማታ ፈረቃ የምትሠራ ነርስ ጥያቄውን ወደ ራሷ ሁኔታ አመጣችው። አንዱ ሳምንት አምስት ቀን፣ ቀጣዩ ዜሮ ነው። ለእሷ አማካይ ምን ይጠቅማል ትላለች። ጋሼ ለዚህ አልመለሱም፤ የማራኪዋ ግን ወርሽ በፈረቃ ስለሚሄድ በ30 ቀን ሳይሆን በፈረቃሽ ዙር ቁጠሪ፣ የቀን ሒሳብም ለእንዳንቺ ዓይነቷ ነው የተሠራው አለቻት። ነርሷ ቤቷ ውኃ ስለሚጠፋ የጂሙ ሻወር ከዋጋው አይቀነስም ወይ ብላ ጨመረች። ከዚህ በፊት ሻወር ቤት እየከፈልሽ ትታጠቢ ከነበረ ያንን ያህል ቀንሺ፣ ቤት ውስጥ በባልዲ ትታጠቢ ከነበረ ግን የተረፈሽ ብር የለም ተባለች።

26ኛ መልስ

ሰባተኛው ሰውዬ ተመለሰ፣ በዚህኛው ግን ጥሩ ክርክር ይዞ ነው። ሁላችሁም 150 ብር ዓመቱን ሙሉ 150 ሆኖ እንደሚቆይ ነው ያሰላችሁት ይላል። ዋጋ እየጨመረ ባለበት ጊዜ ዓመቱን የከፈለ ሰው የነገውን ዋጋ በዛሬ ብር ገዛ። የቀኑ ዋጋ ግማሽ ዓመት ላይ 200 ቢገባ አማካዩ 175 ይሆናል፣ ያኔ ማካካሻው ከ99 ወደ 85 ቀን ይወርዳል። የጋሼ 101 ቀን ልክ ከሆነ ጠያቂዋ የምታተርፈው 350 ሳይሆን ወደ 2,900 ብር ይጠጋል።

ቁጥሩን አረጋገጥኩት፣ ልክ ነው። 101 በ175 ሲባዛ 17,675 ይመጣል፤ 14,800 ሲቀነስለት 2,875 ይቀራል።

27ኛ መልስ

ጋሼ ይህን ተቀበሉ፣ ግን ሙሉ በሙሉ አይደለም። የዋጋ ጭማሪው የሚጠቅመው ለሚሄድ ሰው ነው፤ 73 ቀን ብቻ ከሄደች በ175ም ቢሰላ በቀን መክፈሉ 12,775 ነው፣ አሁንም ዓመቱን መክፈሉ ወደ 2,000 ብር ያከስራታል። በተጨማሪ በቀን የምትከፍል ሴት ስትበረታ ወደ ወር ማለፍ ትችላለች፣ ዋጋው ሲንር ወደ አዘዞ መዞር ትችላለች። ዓመቱን የከፈለች ግን ትሬድሚሉ ቢበላሽ፣ ቤቱ ቢዘጋ፣ እሷም ሥራ ብትቀይር ብሯን የሚመልስላት የለም። ሁለቱ ቁጥር ተቀራርቦ ሲመጣ መዞር የሚያስችለውን ምረጡ ነው ያሉት። ሰባተኛው አላመነም፤ እሳቸውም አልገፉበትም። በዚህ ጉዳይ ማን ልክ እንደሆነ ክሩ አልወሰነም፣ እኔም የምፈርድበት ነገር የለኝም፤ የሚወሰነው የጂሙ ባለቤት ዋጋ በሚጨምርበት ቀን ነውና።

29ኛ መልስ

አንዲት አስተዋይ መላሽ ጠያቂዋን ጂም ገብተሽ ምን ትሠሪያለሽ አለቻት። እስካሁን ማንም አልጠየቃትም ነበር። መልሱ 20 ደቂቃ ትሬድሚል፣ ስኳት፣ በዱምቤል የትከሻና የእጅ ሥራ ሆነ፤ የምታነሣው ከፍተኛ ክብደት 10 ኪሎ። ታዲያ አዘዞ ያለው ዱምቤል እስከ 20 ኪሎ ከሆነ የፒያሳው ዕቃ ብዛት ለአንቺ ምንሽ ነው አለቻት። የማትነኪው ማሽን ኪራዩን እየከፈልሽለት ነው። በአዘዞው ወር 1,000 ለ100 ሲካፈል ማካካሻው 10 ቀን ብቻ ነው፣ ታክሲ የለበትም፣ ቅዳሜም ልብስ ቀይሮ መውጣት ብቻ ነው።

በተቃራኒው ጋሼ ጥንቃቄ ጨመሩ፦ ቤቷ ስትደርስ ማታ ነው፣ ቤት የገባ ሰው ተመልሶ አይወጣም፤ ከሥራ በቀጥታ የሚገባበት ፒያሳ በሥራ ቀን የተሻለ ቀን ሊያስቆጥራት ይችላል። ስለዚህ አንዱን ወር የሥራ ቀኑን ፒያሳ በቀን ሒሳብ፣ ቅዳሜን አዘዞ በቀን ሒሳብ ሠርታ ሁለቱንም ለየብቻ ትቁጠር፤ ያኔ የምትገምተው ነገር አይኖርም።

31ኛ መልስ

ጠያቂዋ ውሳኔዋን ጻፈች። ፒያሳ ሄዳ ጠይቃለች። 14,400ው ቫትን ያካተተ ነው። ወሩ ከከፈሉበት ቀን ይጀምራል። መመዝገቢያው 60 ቀን ካቋረጡ ይሞታል፤ ዐቢይ ጾም 55 ቀን ስለሆነ አምስት ቀን ትርፍ አላት፣ ግን ከፋሲካ ማግስት ጀምሮ ሳምንት ከቆየች 400ውን ደግማ ትከፍላለች። ዓመቱን ትታዋለች። ለመጀመሪያዎቹ ስድስት ሳምንታት በቀን ትከፍላለች፣ የገባችበትን ቀን በወረቀት ላይ እየጻፈች ስልኳ ሽፋን ውስጥ ትይዛለች፤ በተከታታይ አራት ሳምንት ሦስት ሦስት ቀን ከሞላች ወር ትገዛለች። ሦስቱን ቀን የመረጠችው ወሩ 12 ቀን ስለሚፈልግ ነው፣ በ4.3 ሳምንት ሲባዛ 13 ስለሚጠጋ አንድ ቀን ቢጎድልባት እንኳ ከመመዝገቢያው 400 ብር በቀር አትከስርም።

32ኛ መልስ

የመዝገቡ ልጅ በመብራት ጉዳይ መጣ። መብራት ጠፍቶ ጄኔሬተር ያልተነሣ ዕለት የገባ ሰው ትሬድሚል አያገኝም፣ ዱምቤል ግን አለ፤ ያ ቀን ይቆጠራል ወይ አለ። ጠያቂዋ ግማሽ ቀን ብላ እንድትጽፈው የመከረ አለ። ጋሼ ግን ግማሽ ቀን የሚባል ሒሳብ መዝገቡን ያበላሻል፣ ያሰበችውን ሠርታ ከወጣች አንድ፣ ካልሠራች ዜሮ ብላ ትጻፍ አሉ። የማራኪዋ በዚህ አልተስማማችም፤ ሄዳ 150 ብር ከፍላ የተመለሰችበት ቀን ዜሮ ከተባለ ብሩ የት ይጻፋል ብላ ጠየቀች። ብሩ ከላይ ይደመር፣ ቀኑ ከታች አይቆጠር የሚል አንድ መልስ መጣ፣ እሱንም ሰባተኛው ተቃወመው። ጠያቂዋ እስካሁን የጻፈችው ሦስት ቀን ነው፤ ማክሰኞ፣ ሐሙስና ቅዳሜ። የቅዳሜው አጠገብ በቅንፍ መብራት ጠፍቶ ነበር ብላ አስቀምጣለች።